እንቅርት ባለባት እናቴ አንገት ጎን አዲስ እብጠት ወጣ፤ ንፍፊት ነው ወይስ እንቅርቱ እያደገ ነው?

የጎዛምኑ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 54 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እንቅርት አለባት። በአካባቢያችን ብዙ እናቶች ስላለባቸው ማንም እንደ በሽታ አይቆጥረውም። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳትም በልጅነቷ ለዚሁ ተብሎ የተነቀሰ ነው። ታማበት አታውቅም።

ለፋሲካ ስሄድ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከእንቅርቱ ተለይቶ፣ በአንገቷ በግራ በኩል የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል እብጠት ወጥቷል። አያምም፤ ቆዳው አልቀላም። መቼ እንደጀመረ ስጠይቃት «ከጥምቀት ወዲህ ይመስለኛል፤ ነጠላ ስለምከናነብ ልብ አላልኩትም» አለችኝ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አንዱ ባለሙያ እንቅርቱ ወደ ጎን አድጎ ነው አለ። ሌላው ደግሞ የንፍፊት ቲቢ ስለሚመስል መድኃኒት ትጀምር አለ። ጎረቤቶቿ ይበጣላት ይላሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እንዲህ ቤታችን ይገባል ብዬ ግን አላሰብኩም። የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ።

ትርሲት ከአዳማ

ወንድሜ፣ መለየቱ ቀላል ነው። እናትህ ውኃ ይጎንጩና ሲውጡ አንገታቸውን ተመልከት። እብጠቱ ከጉሮሮ ጋር አብሮ ወደ ላይ ከወጣ እንቅርት ነው፤ እንቅርት ደግሞ ያስቀይማል እንጂ አይጎዳም። ካልተንቀሳቀሰ ንፍፊት ነው። ንፍፊትም ቢሆን የሚያስፈራው የሚያመው ነው። እሳቸውን አላመማቸውም ስላልክ ብዙ አትጨነቅ።

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

ትርሲት የጠቀሰችው የውኃ ፈተና ትክክል ነው፤ እኛም በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ከፈተናው ያወጣችው መደምደሚያ ግን ሁለት ቦታ ላይ መታረም አለበት። ሰው አንብቦት እቤቱ እንዳይቀመጥ ስለሰጋሁ በዝርዝር እመልሳለሁ።

እንቅርት ማለት የታይሮይድ እጢ ማበጥ ነው። እጢው ከማንቁርት በታች፣ በአየር ቧንቧው ፊትና ግራ ቀኝ ተለጥፎ ይቀመጣል። ስንውጥ ማንቁርትና የአየር ቧንቧ ወደ ላይ ሲነሱ እጢውም አብሮ ይነሳል። ንፍፊት ግን ከእነርሱ ጋር አልተያያዘም። ቦታው ከመንጋጋ ሥር፣ ከጆሮ ጀርባ እስከ ደረት አጥንት አናት በሚወርደው ጡንቻ ዳር፣ በማጅራት፣ እንዲሁም ከአንገት ሥር ባለው አግዳሚ አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ነው። ስለዚህ ፈተናው እብጠቱ ከየትኛው አካል እንደተነሳ ይነግረናል። ደህና ይሁን ክፉ ግን አይነግረንም። አብሮ የሚነሳ ካንሰር አለ፤ የማይነሳና ምንም የማያሳስብ ንፍፊትም አለ።

ሁለተኛው የሕመም ጉዳይ ነው። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በድንገት ያበጠ፣ ሲነኩት የሚያም፣ ከጉሮሮ ወይም ከጥርስ ቁስለት ጋር የመጣ ንፍፊት አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን እየሠራ ያለ ነው፤ ቁስለቱ ሲድን በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል። እኔን የሚያሳስበኝ ቀስ ብሎ የመጣ፣ የማያም፣ ከአንድ ወር በላይ የቆየ፣ ከ2 ሴንቲሜትር የበለጠ፣ ሲነኩት ጠንካራ የሆነና ከሥሩ የማይንሸራተት ነው። ከአግዳሚው አጥንት በላይ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ የወጣ ከሆነ መጠኑን እንኳን አልጠብቅም፤ እዚያ የሚወጣ ንፍፊት ከደረት ወይም ከሆድ ውስጥ የተነሳ ነገር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እናትህ ልመለስ። እንቅርት ያረጀበት ሰው ላይ ከጎን አዲስ እብጠት ሲወጣ «እንቅርቱ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ የሚሆነው፣ አሮጌው እብጠት አዲሱን ስለሚሸፍነው ነው። ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ እንቅርት በሦስት ወር ውስጥ ወደ ጎን አይዘልም። በዚህ ቦታ ሦስት ነገሮችን አስባለሁ፤ የንፍፊት ቲቢ፣ ከታይሮይዱ ውስጥ ተነስቶ ወደ ንፍፊት የደረሰ ካንሰር፣ እና የንፍፊቱ የራሱ ካንሰር። ሦስቱም ሳያሙ ሊመጡ ይችላሉ። በእጅ ዳሰሳ መለየት አይቻልም፤ ናሙና ያስፈልጋል።

እባክህ የሚከተሉትን ጠይቅልኝ። ድምፅዋ ሰሞኑን ጎርንኗል? ስትውጥ ምግብ ይይዛታል? በጀርባዋ ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራታል? ማታ ልብስ የሚያስቀይር ላብ፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ አለ? ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ለአንድ ደቂቃ ስትቆይ ፊቷ ይደምናል ወይስ ይቀላል? ይህ የመጨረሻው እንቅርቱ ወደ ደረት ወርዶ ደም ሥሮችን እየተጫነ መሆኑን የሚጠቁም ነው። እና በምንም ምክንያት አይበጣ።

የአቤል እናት

እኔም ተጨነቅሁ። የ5 ዓመት ልጄ ከመንጋጋው ሥር ሁለት ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች አሉት። በየጊዜው ቶንሲል ይይዘዋል። ባለፈው መድኃኒት ጨርሶ ዳነ፤ እብጠቱ ግን እስካሁን ይዳሰሳል። እንቅርት ከሆነ ቶሎ ልውሰደው ወይ?

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ከመንጋጋ ሥር ያለ እንቅርት አይደለም፤ ከቦታው ብቻ ይለያል። በዚህ ዕድሜ፣ ከቶንሲል በኋላ፣ ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ፣ ለስላሳና በጣት ስር የሚንሸራተት ንፍፊት በጣም የተለመደ ነው። ልጁ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ሊዳሰስ ይችላል። በየቀኑ እየነካካሽ አትመርምሪው፤ መነካካቱ ራሱ ያቆጣዋል። በወር አንድ ጊዜ ተመልከቺ። እያደገ ከሄደ፣ ከሰውነቱ ከቀነሰ፣ ወይም የማያቋርጥ ትኩሳት ካለው ያን ጊዜ ውሰጂው። ቤት ውስጥ የሚያስል ወይም ቲቢ የታከመ ሰው ካለ ግን አትጠብቂ።

ሲስተር ከቲቢ ክፍል

በጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዶክተር ያሉትን አከብራለሁ፤ ግን ለጤና ጣቢያው ባልደረቦቼም ልቁምላቸው። በአገራችን አንገት ላይ ከአንድ ወር በላይ የቆየ የማያም ንፍፊት ያለው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ሆኖ ይገኛል። ብዙ ንፍፊቶች እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ አንድ ጓጉል ይሆናሉ፤ ቆይተው ይለሰልሳሉ፤ ቆዳው ሳይሞቅ ውስጡ መግል ይይዛል። አብዛኞቹ ታካሚዎች አያስሉም፤ የደረት ራጃቸውም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሳል ስለሌላት ቲቢ አይደለም» የሚል ሰው አትስማ።

መበጣትን በተመለከተ ከዶክተር ጋር አንድ ነኝ። የተበጣ የንፍፊት ቲቢ በቀላሉ አይደርቅም፤ ቀዳዳው ለወራት እያዠ ይቆያል፣ ጠባሳውም አስቀያሚ ነው። በመርፌ ተስቦ ቢመረመር ግን ቀዳዳ አይተውም።

የማልስማማው አንድ ነገር ላይ ነው። ናሙና የሚወስድ ባለሙያ ለማግኘት ታካሚው ከገጠር ከተማ መመላለስ አለበት። አብዛኛው ሰው ተልኮ አይሄድም፤ ከእነአካቴው ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ በምልክት ተነስቶ መድኃኒት መጀመር ሰውን ያድናል።

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

ሲስተር፣ የምትይውን ችግር አውቀዋለሁ። ለአንድ ወጣት፣ ታይሮይዱ ሲዳሰስ ጤነኛ ለሆነ ሰው፣ ንፍፊቶቹም ተጣብቀው መግል ለያዙ ሰው ቢሆን አልከራከርሽም ነበር። እዚህ ግን እንቅርት አለ። ከታይሮይድ የተነሳ ካንሰር በንፍፊት ውስጥ ፈሳሽ ይዞ ለስላሳ ሊሆን ስለሚችል በዳሰሳ ቲቢን በጣም ይመስላል። ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ከተጀመረ ሌላ ችግርም አለ። በሕክምና ላይ ያለ የቲቢ ንፍፊት ራሱ ለጊዜው ሊያድግ ስለሚችል፣ እብጠቱ ሲጨምር «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ይባላል። እንዲህ እየተባለ 6 ወር ያልፋል። ቲቢ ያልሆነውም በዚያ ጊዜ ውስጥ ያድጋል።

ሲስተር ከቲቢ ክፍል

ይህን እቀበላለሁ። እንቅርት ካለ መጀመሪያ መርፌው ይሁን።

ጋሽ ተስፋ

ልጆች፣ ይህን ሁሉ ከማስረዘም አዮዲን ነው መፍትሔው። እንቅርት የሚመጣው ከአዮዲን እጥረት ነው። በወጣትነቴ የመምህርነት ዘመን ጠብታ እየተሰጠ ብዙ ሰው ሲሻለው አይቻለሁ። ፋርማሲ የሚሸጠውን የአዮዲን ጠብታ ገዝተህ በውኃ አጠጣት።

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

ጋሽ ተስፋ፣ ከምንጩ ትክክል ነዎት። በደጋው የእንቅርት ብዛት ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው፤ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብም በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ለዚሁ ነው። አዮዲን በልጆችና በነፍሰ ጡሮች ላይ እንቅርትን ይከላከላል። ለብዙ ዓመታት የቆየና ጉብጉብ ያለው እንቅርት ግን በአዮዲን ወደ ቦታው አይመለስም። ከዚያ የከፋው፣ እንዲህ ያለ እንቅርት ውስጥ ከሰውነት ቁጥጥር ውጭ በራሳቸው የሚሠሩ ጉብታዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኙ ሆርሞን ያመርታሉ። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል፤ በዕድሜ በገፉት ላይ የልብ ምቱ ይዛባል። አዮዲን ያለበትን ጨው ይብሉ፤ ጠብታ ግን አይጠጡ።

ጋሽ ተስፋ

ጨውስ ቢሆን ወጥ ውስጥ መጀመሪያ ሲጨመር ይተናል ይባላል፤ እውነት ነው?

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

በማብሰል የተወሰነው ይጠፋል። ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመርና ጨውን ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

የጎዛምኑ ልጅ

አመሰግናለሁ። የጠየቃችሁኝን ጠየቅኋት። ላብና ትኩሳት የለም፤ ልብሷም አልሰፋትም። ስትውጥ ደረቅ እንጀራ አልፎ አልፎ ይይዛታል፤ ይህ ግን የቆየ ነው ትላለች። ድምፅዋ ላይ እኔ ምንም አላስተዋልኩም፤ እህቴ ግን በስልክ ሲሰማ ትንሽ እንደ ጎረነነ ትናገራለች። እጇን አንስታ ፊቷ አልተለወጠም። ውኃ ስትጎነጭ እንቅርቱ ይነሳል፤ የጎኑ እብጠት ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሪፈር አጽፌ ወደ ከተማ ሆስፒታል ወስጃታለሁ።

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

ጥሩ አድርገሃል። የድምፁን ነገር ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይነገረው። የድምፅ ጅማትን የሚያዘው ነርቭ ከታይሮይዱ ጀርባ ያልፋል። እንቅርት ባለበት ሰው ላይ አዲስ የድምፅ መጎርነን ከመጣ፣ ጉሮሮ በመመልከቻ ታይቶ ጅማቱ መንቀሳቀሱ መረጋገጥ አለበት።

እዚያ የሚሆነውን ልንገርህ። በመጀመሪያ የታይሮይድ ሆርሞን የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ካንሰር መኖር አለመኖሩን ግን አይነግርም፤ አብዛኞቹ የታይሮይድ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ሆርሞናቸው ትክክል ነው። ከዚያ አልትራሳውንድ ይሠራል፤ እንቅርቱን ብቻ ሳይሆን የአንገቷን ሁለቱንም ጎን እንዲያዩላት ጠይቅ። ከዚያ በቀጭን መርፌ ከንፍፊቱ ናሙና ይወሰዳል። መርፌው ካንሰር ይበትናል የሚባለውን አትፍራ፤ ያ ተራ ስጋት ነው። ከናሙናው ከፊሉ ለቲቢ በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ እንዲመረመር አብራችሁ ጠይቁ።

ሰላማዊት ከቨርጂኒያ

እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለብኝ። ለአንገት ሕመም አልትራሳውንድ ተነስቼ ታይሮይዴ ላይ 7 ሚሊሜትር ጉብታ ተገኘ። ሐኪሟ ናሙና አያስፈልገውም፣ በዓመቱ ተመለሺ አለችኝ። እዚህ ለሌላው ሁሉ መርፌ ስትሉ እኔን ለምን ዝም አሉኝ? የመድን ድርጅቱ ገንዘብ ለመቆጠብ ይሆን?

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

አይመስለኝም። አልትራሳውንድ ያየው ሁሉ ቢወጋ ከአዋቂ ሴቶች ስንቱ ይወጋ ነበር! የታይሮይድ ጉብታ እጅግ የተለመደ ነው፤ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ካንሰር አይደለም። ከ1 ሴንቲሜትር በታች ለሆነ፣ በምስሉም ላይ የሚያጠራጥር መልክ ለሌለው ጉብታ መከታተል በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። በልጅነትሽ አንገትሽ ላይ የጨረር ሕክምና ካልወሰድሽ፣ በቤተሰብሽም የታይሮይድ ካንሰር ከሌለ፣ የሐኪምሽን ምክር ተከተይ። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ። የአንገትሽ ጎን ንፍፊቶችም ታይተው ጤነኛ መሆናቸው በሪፖርቱ ላይ ተጽፏል? ከጎን የሚያጠራጥር ንፍፊት ካለ የጉብታው ማነስ ዋስትና አይሆንም።

ሰላማዊት ከቨርጂኒያ

አነበብኩት፤ «የአንገት ንፍፊቶች ጤናማ ናቸው» ይላል። የእናቴ እህት ግን የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረንም። ቤታችን ውስጥ ካንሰር የሚለው ቃል አይነሳም።

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

እንግዲያው ከመቀጠሪያሽ በፊት አክስትሽን ጠይቂያት። መልሷ የሐኪምሽን ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል።

የጎዛምኑ ልጅ

ውጤት ይዤ መጥቻለሁ፤ ግን ይበልጥ ግራ ተጋባሁ። የሆርሞኑ ምርመራ ትክክል ነው። የእንቅርቱ አልትራሳውንድ «ብዙ ጉብታዎች» ይላል፤ ከእነርሱ አንዱ በግራ በኩል ጠቆር ብሎ ዳሩ የተዛባና ትናንሽ ነጫጭ ነጠብጣቦች ያሉበት ነው። ከጎን ንፍፊቱ በመርፌ ሲሳብ ቡናማ ፈሳሽ ወጣ። የቲቢው ምርመራ «አልተገኘም» ይላል። የፓቶሎጂው ወረቀት ደግሞ «ለውሳኔ የሚበቃ ሴል የለውም» ይላል። አሁን ነፃ ወጣች ማለት ነው?

ትርሲት ከአዳማ

እግዚአብሔር ይመስገን! ቲቢም ካንሰርም አልተገኘም ማለት አይደል?

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

አይደለም፤ «ሴል የለውም» ማለት ጥያቄው ገና አልተመለሰም ማለት ነው። ፈሳሽ ብቻ ሲወጣ ሴል ላይኖረው ይችላል። የጂን ኤክስፐርት አልተገኘም ማለቱም ቲቢን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም፤ ከንፍፊት የተወሰደ ናሙና ላይ አንዳንዱ ያመልጠዋል። የገለጽከው የአልትራሳውንዱ ጉብታ ግን ያሳስበኛል። ነጫጭ ነጠብጣቦችና የተዛባ ዳር የሚጠረጠርባቸው መልኮች ናቸው። በአልትራሳውንድ እየታየ፣ ከንፍፊቱ ጠጣር ክፍልና ከዚያች ጉብታ ድጋሚ ይወሰድ።

ሲስተር ከቲቢ ክፍል

የመጀመሪያው ወረቀት «አልተገኘም» ስላለ ብዙ ታካሚ እዚህ ላይ ነው የሚጠፋብን። ወንድሜ፣ በርታ፤ አትቁም።

የጎዛምኑ ልጅ

ድጋሚ ተወሰደ። ከሁለቱም ቦታ የመጣው አንድ ዓይነት ነው፤ ፓፒላሪ የሚባል የታይሮይድ ካንሰር፣ ወደ ጎን ንፍፊት የደረሰ። ድምፅዋን በመመልከቻ አይተው ጅማቱ ይንቀሳቀሳል አሉ። ታይሮይዱ በሙሉ፣ በግራ በኩል ያሉ ንፍፊቶችም አብረው ይወጣሉ ተብሎ ወረፋ ይዘናል። ለእናቴ እስካሁን «እንቅርትሽ ይወጣልሻል» ብቻ ነው ያልናት። እህቴ ሙሉውን እንንገራት ትላለች፤ አጎቴ ደግሞ ይከለክላል።

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

አዝናለሁ፤ ግን ከታይሮይድ ካንሰሮች ሁሉ ቀስ ብሎ የሚያድገው ይህ ነው። ወደ ንፍፊት መድረሱ ሕክምናውን ሰፋ ያደርገዋል እንጂ ተስፋውን አይቆርጠውም። ብዙ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ለእናትህ ስለመንገር ቤተሰቡ ይወስን፤ እኔ ግን የሚታከመውን የማያውቅ ታካሚ ክኒኑን ሲያቋርጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ለእህትህ አደላለሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ነገር ጠብቅ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከንፈሯ ዙሪያ ወይም የጣቶቿ ጫፍ ከደነዘዘ ወይም ከጠዘጠዛት፣ ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ለሐኪሙ ንገር። ከታይሮይዱ ጀርባ ያሉት ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ ትናንሽ እጢዎች በቀዶ ሕክምናው ለጊዜው ሊደክሙ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ ታይሮይድ ስለማይኖራት የሆርሞን ክኒን በየቀኑ ዕድሜ ልክ መውሰድ አለባት። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ነው የሚወሰደው፤ ቡና የምትጠጣ ከሆነ ክኒኑን ከወሰደች በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይታ ይሁን። ካልሲየም ከታዘዘላት ደግሞ በአራት ሰዓት ይራራቁ።

የአቤል እናት

ይቅርታ፣ ጾሙስ? የገጠር እናቶቻችን በሁዳዴ እስከ ቀትር ውኃ አይቀምሱም።

ሐኪሙ ከባሕር ዳር

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ክኒኑ ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው እዚያ ላይ ነው። ማታ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ መውሰድ ይቻላል፤ እንደ ጠዋቱ ይሠራል። የሚቸግረው አንድ ቀን ጠዋት አንድ ቀን ማታ መቀያየሩ ነው። ስለዚህ ከጅምሩ ማታን ይምረጡና ከሐኪማቸው ጋር ይስማሙ፤ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላም መጠኑ በደም ምርመራ ይለካ።